አምስተኛ ዲግሪ እኩልታ፦ ሩት መጨመርና ሶልቨብል ግሩፕ የሚገናኙት የት ላይ ነው?

ሌሊት ወፍ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሬያለሁ። S₅ ሶልቨብል እንዳልሆነ አምኛለሁ፣ ሩት መጨመር ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ያልገባኝ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ክር ነው። አንድ ሩት በጨመርን ቁጥር ግሩፑ በሳይክሊክ ደረጃ ይወርዳል ይባላል። እኔ ግን ራሽናል ቁጥሮች ላይ ∛2ን ጨምሬ ስፈትሽ ያገኘሁት ሲሜትሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ምንም ነገር የማያንቀሳቅሰው። ታዲያ ሦስት አባል ያለው ግሩፕ የት ገባ? ደግሞስ ግሩፑ ወረደ አልወረደ፣ ቀመር እንዳይኖር የሚከለክለው ምኑ ነው? የተሰጠን ምሳሌ x⁵ − 4x + 2 = 0 ነው።

ዜሮ ነጥብ

ያን ያህል አይከብድም። ∛2 ላይ አንድ ሲሜትሪ ብቻ ያገኘኸው የx³ − 2 ሌሎቹ ሁለት መፍትሔዎች ኮምፕሌክስ ስለሆኑ ነው። አንተ የሠራህበት ፊልድ ውስጥ ያሉት ሪያል ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ ∛2 የሚሄድበት ቦታ የለውም። አምስተኛ ዲግሪን በተመለከተ ደግሞ ግሩፑ 120 አባል አለው፣ ለሩት በጣም ትልቅ ነው። ስለዚህ አምስተኛ ዲግሪ እኩልታ የተባለ ሁሉ በሩት አይፈታም፣ አለቀ።

ብሎኬት

እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት እኩልታ ሲገጥመኝ ቀመር ፈልጌ አላውቅም። በኒውተን ዘዴ ከ0.5 ተነስቼ በሁለት ዙር 0.5085 አገኘሁ። ሌሎቹ ሪያል መፍትሔዎች 1.2436 እና −1.5185 ናቸው። ይኸው ተፈታልህ!

ሌሊት ወፍ

አመሰግናለሁ ብሎኬት፣ ግን ቁጥሩን አልነበረም የፈለግኩት። መፍትሔው እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄዬ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና በሩት ብቻ ለምን አይጻፍም ነው።

ጠመኔ

ዜሮ ነጥብ ስለ ∛2 ያለው ልክ ነው፣ ስለ 120ው ያለው ግን ልክ አይደለም። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ∛2። መፍትሔው ω = (−1 + √−3)/2ን ቀድሞ ማስገባት ነው። እሱ ራሱ በሩት የተጻፈ ስለሆነ ማንም አይከለክልህም። ω ከገባ በኋላ α = ∛2 ስትጨምር ሲሜትሪዎቹ ሦስት ይሆናሉ፤ α ወይ ባለበት ይቆያል፣ ወይ ወደ ωα ይሄዳል፣ ወይ ወደ ω²α። አሁን ሁለቱን አከታትለህ ሥራቸው። አንዱ በω ያባዛል፣ ሌላው በω²፤ የትኛውም ቢቀድም ውጤቱ ያው ነው። ለn-ኛ ሩትም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያ የ1ን n-ኛ ሩቶች አስገባ፣ ከዚያ የፈለግከውን ሩት ጨምር። የ1ን ሩቶች ስታስገባ ያሉት ሲሜትሪዎችም እያንዳንዱን ወደ ራሱ ፓወር የሚወስዱ ስለሆኑ ቅደም ተከተላቸው ለውጥ አያመጣም።

የምትፈልገው ክር ይኸው ነው፤ ሩት ስትጨምር ቅደም ተከተል ትርጉም ያጣል። ከዚህ ወዲያ “ሳይክሊክ” የሚለውን ቃል እርሳውና የሚከተለውን አስብ። σ እና τ ሩቱ ከመጨመሩ በፊት የነበሩ ሁለት ሲሜትሪዎች ይሁኑ። σን ሥራ፣ τን ሥራ፣ σን ወደኋላ መልስ፣ τን ወደኋላ መልስ። ይህ አራት እርምጃ ያለው ጉዞ ኮሙቴተር ይባላል። አዲሱ ሩት α በጉዞው በሆነ ነገር ይባዛል፣ በሌላ ይባዛል፣ ከዚያ በሁለቱም ይካፈላልና ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግዲህ ይህ ጉዞ αን አላንቀሳቀሰም። በሌላ አነጋገር αን ከጨመርክ በኋላም ሲሜትሪ ሆኖ ይቀጥላል። አዲስ ሩት ብዙ ሲሜትሪ ሊያጠፋ ይችላል፣ ኮሙቴተርን ግን ማጥፋት አይችልም።

አሁን አምስቱን መፍትሔዎች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብለህ ወረቀት ላይ ጻፋቸው። ኮኤፊሸንቶቹ ፊደል በሆኑበት በአጠቃላዩ እኩልታ 120ውም ማቀያየር ሲሜትሪ ነው። σ = (1 2 3) ይሁን፤ 1 ወደ 2፣ 2 ወደ 3፣ 3 ወደ 1። τ = (3 4 5) ይሁን። ሁለቱ የሚጋሩት 3ን ብቻ ነው። የ2ን ጉዞ ልከተል፦ በσ ወደ 3፣ በτ ከ3 ወደ 4፣ σ ሲመለስ 4ን አይነካም፣ τ ሲመለስ ከ4 ወደ 3። ስለዚህ 2 ሄዶ 3 ላይ አረፈ። በተመሳሳይ 3 ወደ 5፣ 5 ወደ 2 ይሄዳሉ፤ 1 እና 4 ከቦታቸው አይነሱም። ውጤቱ (2 3 5) ነው፣ እንደገና ሦስት ቁጥር የሚያሽከረክር!

ቁጥሮቹ ስም ብቻ ስለሆኑ ማንኛውም የሦስት ዙር በዚሁ መንገድ የሁለት ሌሎች የሦስት ዙሮች ኮሙቴተር ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ሁሉም የሦስት ዙሮች በእጅህ እያሉ አንድ ሩት ጨመርክ፤ ሁሉም ይተርፋሉ። ሌላ ጨመርክ፤ አሁንም ሁሉም ይተርፋሉ። ሺህ ብትጨምርም ያው ነው። ቀመር ቢኖር ኖሮ ግን የመጨረሻው ሩት ሲገባ አምስቱም መፍትሔዎች ፊልዱ ውስጥ ተጽፈው ስለሚገኙ ማንኛውም የቀረ ሲሜትሪ እያንዳንዱን ባለበት መተው አለበት። (2 3 5) ግን እያንቀሳቀሳቸው ነው። ቀመር የለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌሊት ወፍ

ጋሼ ጠመኔ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይሄ ነገር አራተኛ ዲግሪ ላይ ለምን አይሠራም? እሱ ቀመር አለው።

ጠመኔ

አራት ቁጥር ብቻ ካለህ ሁለት የሦስት ዙሮች አንድ ቁጥር ብቻ ሊጋሩ አይችሉም፣ ቢያንስ ሁለት ይጋራሉ። (1 2 3) እና (2 3 4)ን ሞክር፤ የሚወጣው (1 4)(2 3) ነው። ሦስት የሚያሽከረክረው ጠፋ። እንዲህ ያሉ ጥንድ ቅያሬዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው ቅደም ተከተል አይለዩም፣ ቀጣዩ ኮሙቴተር ምንም አይሠራም። 24 ወደ 12፣ 12 ወደ 4፣ 4 ወደ 1። በአምስት ላይ ግን 120 ወደ 60 ይወርዳል፣ 60ው እዚያው ይቀራል። ሶልቨብል ማለት ኮሙቴተር ደጋግመህ ስትወስድ በመጨረሻ ባዶህን መቅረት ነው፤ ከዚህ የራቀ ምስጢር የለውም።

የሦስተኛ ዲግሪን ቀመር ብታየው ይህንኑ ታነብበታለህ። ውስጥ ያለው ስኩዌር ሩት 6ን ወደ 3 ያወርዳል፣ ውጪ ያለው ኪዩብ ሩት 3ን ወደ 1።

ገብስማ

ይቅርታ፣ እኔ ግን አምስተኛ ዲግሪ ፈትቻለሁ። x⁵ − 5x³ + 5x − 3 = 0። x = u + 1/u ብለህ አስገባ፣ ሁሉም ይጣፋና u⁵ + 1/u⁵ = 3 ይቀራል። ስለዚህ u⁵ = (3 + √5)/2። የሚወጣው x ደግሞ ይኸው፦

```
x = ⁵√((3+√5)/2) + ⁵√((3−√5)/2) ≈ 2.0372
```

መልሼ አስገብቼ አረጋግጬዋለሁ። አይፈታም የተባለው ውሸት ነው ወይስ እኔ ተሳስቻለሁ?

ጠመኔ

አልተሳሳትክም። ከዜሮ ነጥብ ጋር ልለያይ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የለም የተባለው ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቀመር ነው፤ እያንዳንዱ አምስተኛ ዲግሪ አይፈታም ያለ የለም። የአንተኛው መፍትሔዎቹ ተሳስረዋል፤ አንዱን እንደልብህ ስታንቀሳቅስ ሌሎቹ አብረው ይጎተታሉ፣ ስለዚህ ግሩፑ 120 አባል የለውም። x⁵ − 2ም እንደዚሁ ነው፤ የእሱ ግሩፕ 20 አባል ብቻ አለው፣ ሶልቨብልም ነው። መጠንም ቢሆን ራሱ ከልካይ አይደለም፤ x⁶⁰⁷ − 2 ከ120 እጅግ የሚበልጥ ግሩፕ አለው፣ ግን መፍትሔዎቹ በሩት ይጻፋሉ።

በነገራችን ላይ አቤል ራሱ በ1821 ገና ተማሪ ሳለ አምስተኛ ዲግሪን የሚፈታ ቀመር ያገኘ መስሎት ነበር። ኮፐንሃገን የነበረው ደገን የቁጥር ምሳሌ ስጠን አለው፣ አቤልም ምሳሌውን ሲሠራ ስህተቱን አገኘ። በ1824 አይቻልም የሚለውን ማረጋገጫ በራሱ ገንዘብ በስድስት ገጽ አሳተመ። ገብስማ፣ አንተም ዘዴህን በx⁵ − 4x + 2 ላይ ሞክረው፣ የት ላይ እንደሚቆም ራስህ ታያለህ።

ዜሮ ነጥብ

ተቀብያለሁ። ግን ያኔ ጥያቄው ይመለሳል። አጠቃላዩ ቀመር ባይኖር ይችን አንዷን እኩልታ በተለየ ዘዴ መፍታት ለምን አይቻልም? የገብስማ ተፈትታ የለ?

እታለም

እሱን እኔ ልመልስ፣ ባለፈው ሴሚስተር ነው የተማርኩት። 2 ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉንም ኮኤፊሸንት ያካፍላል፣ 4 ግን የመጨረሻውን 2 አያካፍልም፤ ስለዚህ በአይዘንሽታይን እኩልታው ወደ ትናንሽ ራሽናል ፖሊኖሚያሎች አይበተንም። ከዚህ የተነሳ ግሩፑ ውስጥ አምስቱንም በአንድ ዙር የሚያዞር አባል አለ። ቀጥሎ እሴቶቹን እዩ፦

```
x:     -2   -1    0    1    2
f(x): -22    5    2   -1   26
```

ምልክቱ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ ሦስት ሪያል መፍትሔ አለ (ብሎኬት ያገኛቸው)። ደሪቨቲቩ 5x⁴ − 4 ሁለት ቦታ ብቻ ዜሮ ስለሚሆን ከሦስት አይበልጡም። የቀሩት ሁለቱ ኮንጁጌት ናቸው። ኮምፕሌክስ ኮንጁጌሽን ሦስቱን ትቶ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ያቀያይራል። የአምስት ዙርና አንድ ቅያሬ አንድ ላይ፣ 5 ፕራይም ስለሆነ፣ 120ውን ሁሉ ይወልዳሉ። ከዚያ የጋሼ ጠመኔ ክርክር ሳይለወጥ ይሠራል።

ብሎኬት

ስለዚህ የእኔ 0.5085 በሩት የማይጻፍ ቁጥር ነው ማለት ነው? ይህን አላውቅም ነበር። ሳይንና ሎጋሪዝም ከተፈቀደስ ይጻፋል?

ጠመኔ

ከላይ ያልኩት ስለ ሩት ብቻ ነው፤ ስለ ሳይን ምንም አይልም። ኤርሚት በ1858 አምስተኛ ዲግሪን በኤሊፕቲክ ፈንክሽኖች ፈትቶታል። ሳይንና ሎጋሪዝም ለዚህ አይበቁም፣ ግን ያንን ለማሳየት ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። መፍትሔዎቹ ኮኤፊሸንቱ ክብ ዞሮ ሲመለስ እንዴት ቦታ እንደሚለዋወጡ ማየት አለብህ፣ ለብቻው ጥያቄ ብትከፍትለት ይሻላል።

ሌሊት ወፍ

(1 2 4) እና (4 3 5)ን በእጄ ሠራሁ፣ (2 4 5) ወጣ። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ሩቶቹን ሁሉ የያዘው ትልቁ ፊልድ ላይ (1 2 3)ን የሚሠራ σ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። የትኛውን ልምረጥ?

ጠመኔ

ደስ ያለህን። αን የሚመልሰው መሄድና መመለሱ ነው፣ የσ ማንነት አይደለም። ብቻ ሁለቱም እስካሁን የገቡትን ሩቶች የማይነኩ ይሁኑ፣ ትልቁ ፊልድም የሁሉንም ሩቶች ኮንጁጌቶች የያዘ ይሁን።