«የእግዜር ሰላምታ ነሳችኝ» ስንል ማን ምን ወሰደ?

የማለዳ ሰው፦
ጥያቄዬ የቃል ነው፤ ታሪክ ስላለው ግን ታገሡኝ። ከታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጋር ከተቀዛቀዝን አራት ወር ሊሞላን ነው። ከእኔ መታጠቢያ ቤት የፈሰሰ ውሃ የእርሷን ኮርኒስ አበላሸ። ቧንቧውን እስካስጠግን ሁለት ሳምንት ቆየሁ፤ በመካከሉ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታ ስትጠይቀኝ «ውሃ እኮ ሰው አይገድልም» አልኳት። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ስንተላለፍ «እንዴት አደርሽ?» ማለቴን አላቋረጥኩም። መልሷ ግን ደረጃ በደረጃ ሟሸሸ። መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ትል ነበር። ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፍ ጀመር። ቀጥሎ «ይመስገን» ብቻ ቀረ። አሁን ስደርስ ቁልፏን በቦርሳዋ ውስጥ ትፈልጋለች። ባለቤቴ «የእግዜር ሰላምታ እንኳን ነስታሃለች፤ ምን ደጅ ያስጠናሃል?» ትለኛለች። እኔ ጽናት ነው እላለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ችክ ብለህባታል» አለኝ። ሦስቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ሰላምታውስ ለምን «የእግዜር» ተባለ?

ብራና፦
ሁለተኛው ቀላል ነው። የተጣላ ሰው ለሰውየው ብሎ ሰላምታ አይሰጥም፤ ለፈጣሪ ብሎ ግን ይሰጣል። ስለዚህ «የእግዜር ሰላምታ» የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። «ነሳ» ደግሞ ሁልጊዜም ከለከለ ማለት ነው፤ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ፊት ነሳኝ እንደምንለው። «እጅ ነሳ» የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው፤ ለትልቅ ሰው ሲሆን እጅን ከልክሎ፣ ሳይጨብጡ፣ ከሩቅ ጎንበስ ማለት ነው።

ግስ ወዳድ፦
የመጀመሪያውን በሚገባ ተናግረሃል። «ሁልጊዜም» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። በግእዝ «ነሥአ» ያዘ፣ ወሰደ፣ አነሣ ማለት ነው። በአማርኛም «ተነሣ» እና «አነሣ» ውስጥ አሮጌው ትርጉም እስከ ዛሬ አለ። መከልከል የመጣው ከመውሰድ ይመስለኛል፤ የተወሰደበት ሰው ያው የተከለከለ ነው። እንግዲህ «ሰላምታ ነሳችኝ» የሚል ሰው ሳያስበው ትልቅ አቤቱታ እያቀረበ ነው። «አልሰጠችኝም» አላለም፤ የራሴ የሆነውን ወሰደችብኝ እያለ ነው። ሰላምታን እንደ ገንዘቡ ቆጥሮታል። «እጅ ነሳ» ላይ ሊቃውንትም ይለያዩ ይሆናል፤ እኔ እጅን ከማንሣት ጋር አያይዘዋለሁ እንጂ ከመከልከል ጋር አይደለም።

ወደ ሦስቱ ቃላት ልምጣ። ጽናትና ደጅ ጥናት ሥረ ቃላቸው አንድ ነው፤ ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደሚባለው ጸና ጠና ይባላል። ልዩነቱ «ደጅ» ላይ ነው። ደጅ የሚጠና ሰው የሚፈልገው ነገር አለው፤ ሹመትም ይሁን ፍርድ ከባለ ደጁ እስኪሰጠው ይቆማል። የሚጸና ሰው ግን ከማንም ደጅ ላይ መቆም የለበትም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጥያቄው ስንት ቀን ሰላም እንዳልካት አይደለም። ሰላም ስትላት ከእርሷ ምን ትጠብቃለህ?

የማለዳ ሰው፦
መልስ ነዋ።

ግስ ወዳድ፦
ባለቤትህ ትክክል ናት።

መንገደኛ፦
ዘግይቼ ስለገባሁ ይቅርታ። ችግሩ የቧንቧ ከሆነ መገጣጠሚያውን ብቻ ማስጠገን አይበቃም፤ ውሃው በወለሉ ሥር ተኝቶ ከርሞ እንደገና ይወርዳል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቢጫ ክብ እየሰፋ ነው ወይስ ደርቋል? በጣት ነካ አድርጎ ማየት ነው።

ብራና፦
ወዳጄ፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ቃላት ነው።

የማለዳ ሰው፦
እውነቱን ለመናገር ክቡን አይቼው አላውቅም። ሳስጠግን ያየሁት የእኔን ወለል ብቻ ነው።

የላይኛው በር፦
ይህ ሁሉ ሲነገር ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን አልቻልኩም። እኔ በሌላው ወገን ነበርኩ፤ ሰላም የምትባለዋ እኔ ነበርኩ። ምክንያቱ ይቅር። ጎረቤቴ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያዛንፍ ሰላም ብሎኛል፤ ያውም ሰው ባለበት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቆም ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ዝም ስል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። በዳዩ እርሱ፣ ባለጌዋ እኔ! አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፤ ማሳጣት ይባላል። በሰላምታ አሳጣኝ። ባልደረባህ «ችክ አልክ» ያለህ ይህን አይቶ ከሆነ እውነቱን ነው። መልስ የሚጠይቅ ሰላምታ በየቀኑ የሚመጣ የዕዳ ደረሰኝ ነው፤ ባልከፈልክ ቁጥር ጥፋቱ ወደ አንተ ይዞራል።

ብራና፦
እንዲህ ከሆነ ሰላም ማለቱን ይተወው? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል እኮ።

የላይኛው በር፦
እንቁላሉ የሚሄደው ከውስጥ ጫጩት ካለ ነው።

ግስ ወዳድ፦
ይህን ምሳሌ ሊቃውንቱም ይቀበሉታል! እኔ መተው አለበት አልልም። መተው ራሱ በዚህ ሰዓት መልእክት ነው፤ «እንግዲያውስ ይቅርብሽ» ይሆናል። ቅርጹን ይቀይር። «እንዴት አደርሽ?» ጥያቄ ነው። ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። «ጤና ይስጥልኝ» ግን ምኞት ነው። ጤናውን የሚሰጠው ሌላ ነው፤ እርሷ ምንም እንድታደርግ አልተጠየቀችም። በልማድ መልስ ይመለስለታል እንጂ ባይመለስም ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው። ብለህ ማለፍ ትችላለህ፤ እርምጃህን ሳትቀንስ።

እዚህ ላይ የምንዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ኩርፊያ፣ ቅያሜ እና ቂም እየቀላቀልን ነው። ኩርፊያ ዓይን ዓይን ያያል፤ የሚያኮርፍ ሰው አባብሉኝ እያለ ነው። የተቀየመ ሰው ግን ማባበል አይፈልግም፤ የሆነው ነገር እንዲጠራለት ይፈልጋል። ቂም ደግሞ ይቋጠራል እንላለን፤ የተቋጠረ ነገር ከውጭ አይታይም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለው ለዚህ ነው፤ ቂመኛው ሰላምታውን ሳያጓድል ይሰጥሃል፣ ከአንገት በላይ ይሁን እንጂ። ስለዚህ ዝምታዋ ተስፋ እንጂ ተስፋ መቁረጫ አይመስለኝም። «አንተስ» የምትለዋን ቃል ቆርጣ ጣለች እንጂ አስመስላ አልተናገረችም።

ብራና፦
ከአንገት በላይ ማለት አንገትን ነቅንቆ ሰላም ማለት አይደለም እንዴ?

ግስ ወዳድ፦
አይደለም። ከልብ ያልደረሰ፣ ከአንገት በላይ ብቻ የቀረ ማለት ነው። አንገት ነቅንቆ ከልብ ሰላም የሚል ሰው ሞልቷል።

የማለዳ ሰው፦
እንግዲህ በእናንተ አከፋፈል የእርሷ ቅያሜ ነው። አራት ወር ሙሉ ያባበልኩት የሚባበል ነገር አልነበረም ማለት ነው።

የላይኛው በር፦
መንገደኛ የጠየቀህን አትርሳ። ክቡን ሂድና እየው።

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የማለዳ ሰው፦
ተመልሻለሁ። በሩን አንኳኩቼ «ኮርኒሱን ልየው ብዬ ነው፤ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ ያልኩሽም ነገር የሚባል አልነበረም» አልኳት። በሩን አልዘጋችም፤ «ግባ» ም አላለችኝም፤ ገለል አለች። ቀና ብዬ አየሁ። ክብ የለም። ነጭ ነው። «አስቀብቼዋለሁ» አለች፤ «በሁለተኛው ወር»። ወጪውን ልክፈል አልኳት፣ አያስፈልግም አለች። በአንድ ደቂቃ ወጣሁ። ለመንገደኛ፣ በጣቴ ነክቼዋለሁ፤ ደረቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተለወጠም። እኔ ምክራችሁን ተቀብዬ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ሳልቆም አልፋለሁ። መቁጠሬንም ትቻለሁ፤ ባለቤቴ ናት የምትቆጥረው። ትናንት ማለዳ ግን ገና አፌን ሳልከፍት ከታች ሆና «እንዴት ሰነበትክ?» አለችኝ። ልብ በሉ፣ በየቀኑ እንተያያለን። ከትናንት በስቲያም ተያይተናል። «አደርክ» እንጂ «ሰነበትክ» የሚያስብል ምን አለ? ይህ መልካም ነው ወይስ ሽሙጥ?

ብራና፦
ሽሙጥ ነው። በየቀኑ የምታየውን ሰው ሰነበትክ የሚሉት ሲያሾፉበት ነው።

ግስ ወዳድ፦
እኔ እንዲያ አላነበውም። የሰላምታ ግሶቻችን ጊዜ ቆጣሪዎች ናቸው። አደርክ ሌሊቱን፣ ዋልክ ቀኑን፣ አመሸህ ምሽቱን ይይዛል። ሰነበትክ ሰንበትን፣ ከረምክ ክረምትን አዝሎ ነው የመጣው። ስለዚህ ግሱ የሚለካው መጨረሻ ከተገናኛችሁበት ጊዜ ነው። እርሷ ደረጃ ላይ መተላለፉን እንደ መገናኘት አልቆጠረችውም። በእርሷ ቆጠራ ላትገናኙ ሰንብታችኋል። እንዲያውም «ከረምክ» አለማለቷ ራሱ ቸርነት ነው።

ብራና፦
ይህ ትርጓሜ ሳይሆን ስብከት ነው። በአንድ ግስ ላይ ይህን ሁሉ መጫን አይከብድም?

ግስ ወዳድ፦
ሊከብድ ይችላል። ግን ሰው አራት ወር ዝም ብሎ ሲናገር ቃሉን መርጦ ይመስለኛል።

የላይኛው በር፦
ሁለታችሁም ድምፁን አልሰማችሁም። ሽሙጥ ከሆነ መጨረሻው ይጎተታል፤ ጥያቄ ከሆነ ከፍ ብሎ ይቆማል። እንዴት ነበር ያለችው?

የማለዳ ሰው፦
ደረጃው ያስተጋባል፤ አልለየሁትም። እኔ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ?» አልኳት።