አይቡ በሂሳብ ያተርፋል፣ ግን ልተወው?

ሰላም ለሁላችሁ። የአንዲት ትንሽ ወተት ማቀነባበሪያ ሂሳብ እይዛለሁ። ወተቱ በማሽን ክሬምና ክሬም የወጣለት ወተት ይሆናል። ከክሬሙ ቅቤ፣ ከቀሪው አይብ እንሠራለን። የአንድ ሳምንት ቁጥር ላስቀምጥ።

እስከ መለያያው ነጥብ ድረስ ያለው የጋራ ወጪ 60,000 ብር ነው። ቅቤው 69,000 ይሸጣል፤ ከተለየ በኋላ 9,000 ይፈጃል። ስለዚህ የተጣራ የሽያጭ ዋጋው 60,000 ነው። አይቡ 32,000 ይሸጣል፤ 12,000 ሲቀነስ 20,000 ይቀራል። በዚህ 3 ለ 1 ድርሻ ከጋራ ወጪው ቅቤው 45,000፣ አይቡ 15,000 ያዘ። አይቡ 5,000 አተረፈ ማለት ነው፤ አለቃዬም ደስ ብሎታል።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ክሬም የወጣለትን ወተት አይብ ሳናደርገው እዚያው የሚገዛን ሰው 23,000 ይከፍላል። አይብ ስናደርገው ገቢው በ9,000 ብቻ ይጨምራል፤ ወጪው ግን 12,000 ነው። የጋራው 60,000 በሁለቱም መንገድ ስለወጣ ለውሳኔው አይጠቅምም ብዬ ትቼዋለሁ። እዚህ ድረስ ልክ ነኝ መሰለኝ።

የተጣበቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። ከ12,000ው ውስጥ 4,000ው የቤት ኪራይ ድርሻ ነው፤ አይቡ ቢቆምም ኪራዩ አይቀርም። እሱን ካወጣሁት አይቡ 1,000 ብር ያዋጣል፤ ውሳኔው ተገለበጠ! ታዲያ ለውሳኔው 8,000ውን ይዤ፣ ለክምችት ዋጋ ድልድሉ ግን 12,000ውን እንዳለ ልተወው? ወይስ ሁለቱም ቦታ አንድ ቁጥር መሆን አለበት? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።