«ሦስት ለአንድ ናችሁ፣ ሽጡት»

«አንድ የዕድር ሰብሳቢ ለአራት ወራሾች ሲመክር ሰማሁ። ወላጆቻቸው አርፈዋል፣ ታናሽ እህታቸው ቤቱ ውስጥ ትኖራለች፣ አልሸጥም ብላለች። እሱ ሆዬ 'ሦስት ለአንድ ናችሁ፣ አብላጫው ይወስናል፣ ሽጡት' አላቸው። ደሜ ነው የፈላው። እውነት ሕጉ እንዲህ ይላል?»

የሰፈር ልጅ፦ ምኑ ነው ደም የሚያፈላው? ሦስት ሰው በአንድ ግትር ምክንያት ታስሮ ይኑር? ሰውዬው ልክ ነው።

መዝገብ ቤት፦ አብላጫ ለዕድር ምርጫ ነው። የጋራ ንብረት የሚሸጠው ሁሉም ሲስማሙ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን 1266 ግለጥ። ሦስቱ ገዢ ይዘው ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሄዱ፣ የወራሽነት ማስረጃው ላይ አራት ስም ስላለ «አራተኛዋስ?» ተብለው ይመለሳሉ።

ጸዳለ፦ ተመስገን! እናትና አባቷን ያስታመመች እሷ ናት። አልሸጥም ካለች አለቀ፣ ደቀቀ።

መዝገብ ቤት፦ አላለቀም እንጂ። ማስታመም ድርሻ አይጨምርም፣ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ናቸው። ሦስቱ ተባብረው ሊሸጡባት አይችሉም። ከሦስቱ አንዱ ግን ብቻውን «ውርሱ ይከፈልልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል። ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤቱ በዓይነት ይከፈላል ወይ ብሎ ነው። መሬት አስተዳደር ይጠየቃል፣ ባለሙያ ወጥቶ ይለካል። 200 ካሬ ላይ አንድ ዋና ቤትና ሰርቪስ ቢኖር አራት ካርታ ከየት ይወጣል? ከኋላ ያለው መውጫ አይኖረውም። ካልተከፈለ አንዳቸው በግምቱ ወስደው የሌሎቹን ድርሻ ይከፍላሉ። እዚያም ላይ ካልተስማሙ ሐራጅ ነው።

የሰፈር ልጅ፦ እና መጨረሻው መሸጥ ነው! አብላጫው ወሰነ ማለት አይደል?

ጸዳለ፦ «አብላጫው» የሚለውን ቃል አልለቅም አልክ። አንድ ሰው ከበቃ የምን አብላጫ ነው?

ወይዘሮ ጥሩ፦ የቀበሌ ቤት ቢሆንስ? እኛም አራት ነን።

መዝገብ ቤት፦ እትዬ፣ የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው። እሱ የኪራይ ውል ጉዳይ ነው፣ ሐራጅ አይወጣበትም።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ሐራጅ ሐራጅ ትላላችሁ፣ ሒሳቡን ግን ማንም አልሠራውም። ቤቱ 12 ሚሊዮን ተገመተ እንበል፣ ለእያንዳንዱ 3 ሚሊዮን ይደርሳል። ገዢ ሲመጣ ውስጡ አልወጣም የምትል እህት ያያል። ቤት ሳይሆን ክስ እንደሚገዛ ስለሚገባው በመጀመሪያው ሐራጅ ድምፁን ያጠፋል። በሁለተኛው በ9 ሚሊዮን ቢሄድ ድርሻው 2,250,000 ሆነ። 750,000 ብር በእልህ ሄደ ማለት ነው፣ የእሷም ጭምር። በስምምነት ግን ለሦስቱ ለእያንዳንዳቸው 2,500,000 ብትከፍላቸው፣ እነሱ ከሐራጁ 250,000 ይበልጣቸዋል፣ እሷም ቤቷን ታስቀራለች።

ጸዳለ፦ 7.5 ሚሊዮን ከየት አምጥታ ጋሼ? ካርታው በስሟ ሳይዞር ባንክ ያበድራታል?

ጋሼ፦ በየጊዜው ትክፈላ። ግን በጽሑፍ ይሁን፣ አራቱም ይፈርሙ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። ክፍያው ሳያልቅ ስም አይዙር። ሽማግሌ ፊት በቃል የተባለ ነገር ለማይንቀሳቀስ ንብረት አይሠራም።

ከሜሪላንድ፦ እኔ አጠቃላይ ውክልና ልኬያለሁ። ለወንድሜ ይበቃዋል?

መዝገብ ቤት፦ አይበቃም። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል በግልጽ መጻፍ አለበት። ያ ከሌለ ተወካይህ ኪራይ ይሰበስብልሃል፣ ቤት ግን አይሸጥልህም።

የሰፈር ልጅ፦ ኪራይ ካላችሁ፣ እህቲቱ የሰርቪሱን ኪራይ ብቻዋን ስትበላ ማንም አይናገርም! ነው ወይስ ያ «ማስታመም» ነው?

መዝገብ ቤት፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። በወር 20,000 ከተከራየ የእያንዳንዱ ድርሻ 5,000 ነው፣ ይጠየቃል። ለጣሪያ እድሳት 80,000 አውጥታ ደረሰኝ ካላት ደግሞ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 20,000 ይነሣባቸዋል። ደረሰኝ ከሌላት ግን ከባድ ነው።

ጸዳለ፦ ከኋላ በገዛ ገንዘቧ ያስገነባቻቸው ሁለት ክፍሎችስ?

የሰፈር ልጅ፦ ማን ፈቀደላት? የጋራ ግቢ ነው።

መዝገብ ቤት፦ ከባዱ እሱ ነው። ወንድሞቿ አልተስማሙም፣ የግንባታ ፈቃድ የለም፣ ካርታውም ላይ አይታይም። ገዢ እንደ ቤት ሳይሆን እንደ ማፍረሻ ወጪ ያየዋል።

ጸዳለ፦ ሲሚንቶው ግን የእሷ ነው።

የሰፈር ልጅ፦ መሬቱስ?

ጋሼ፦ መሬቱ የመንግሥት ነው ልጄ፣ እሱን እንኳ አብላጫው አይወስንም።