ደሴ ላለው ልጄ ትምህርት ቤት የምጽፈውን ደብዳቤ እዩልኝ

የቧንቧ ውሃዋ (ኩዌት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጄ ደሴ እናቴ ጋ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤቱ ምሳ በካፍቴሪያ ያበላል። ልጁ የወተት አለርጂ አለበት። አምና በአንድ ብስኩት ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ገብቷል። እናቴ እንድታደርስልኝ ይህን ጻፍኩ፦

«ልጄ አለርጂ ስላለበት የወተት ተዋጽኦ እንዳይሰጠው በትህትና እጠይቃለሁ።»

ይበቃል?

የሲያትሉ፦ እህቴ፣ እዚህ አሜሪካ 504 የሚባል የ1973 ሕግ አለ። ሐኪም ይፈርማል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምግቡን ይቀይራል። መብትሽን ጠቅሰሽ ጠንከር አድርጊው።

ነርሷ (ስቶክሆልም)፦ ወንድሜ፣ ያ ሕግ ደሴ አይደርስም። ደብዳቤው የሚጠቅመው ወጥ ለምትሠራዋ ሴት ነው። «ተዋጽኦ» ስትባል ወተትና እርጎ ብቻ ሊመስላት ይችላል። ቅቤ፣ አይብ፣ አሬራ፣ የዱቄት ወተት፣ ወተት የገባበት ዳቦና ብስኩት ብለሽ በስም ጻፊላት። የሚበላውንም ንገሪያት፦ እንጀራ፣ በዘይት የተሠራ ሽሮና ምስር፣ ሩዝ፣ ድንች። የሱ ድርሻ ቅቤ ከመግባቱ በፊት ተቀንሶ ይቀመጥ፤ ቅቤ የነካ ጭልፋም አይግባበት። የሚጎዳው የወተቱ ፕሮቲን ነው፤ ጥቂቱም ሊበቃው ይችላል።

የወሎ ልጅ፦ አይዞሽ፣ በጾም ቀን ሐሳብ የለም። የተነጠረ ቅቤም ምንም አይለውም፣ የወተቱ ነገር ከታች ይቀራል። እኔ ወተት ሆዴን ይነፋኛል፣ ቅቤ ግን ይስማማኛል። የፍየል ወተት ይሞክሩለት።

ነርሷ፦ ያንተ የወተቱ ስኳር አለመፈጨት ነው፣ የልጁ ሌላ ነው። ሲነጠር አብዛኛው ፕሮቲን ይወጣል፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ግን ቅሪት አለው። የፍየል ወተት ደግሞ ከላም ወተት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኞቹን እንዲህ ያሉ ልጆች ያማቸዋል። በጾም ቀንም ብስኩቱን ማን አየው?

የቧንቧ ውሃዋ፦ እንዲህ አስተካከልኩት፦

«ልጄ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ አሬራ፣ የዱቄት ወተት ወይም እነዚህ የገቡበት ዳቦና ብስኩት ከበላ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሽሮውና ምስሩ በዘይት ብቻ ተሠርቶ፣ በንጹሕ ጭልፋ ቀድሞ ይውጣለት። ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ተደጋጋሚ ሳል ወይም ማስታወክ ካያችሁ ወዲያው ለእናቴ ደውሉ።»

ሐኪሙ ያዘዘለትን የአድሬናሊን መርፌ በሰው ልኬያለሁ። ትምህርት ቤት ማን ይያዘው?

ነርሷ፦ ከስልኩ በፊት መርፌው ይቅደም ብለሽ ጨምሪበት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ድምፁ ከጎረነነ በጭኑ ጎን ይወጋ፣ ከዚያ ሆስፒታል። የአለርጂ ሽሮፕ ብቻ ሰጥተው እንዳይጠብቁ። ልጁንም አያስሮጡት።

የሪያዷ፦ ለምን ምሳ ከቤት ይዞ አይሄድም? እኔም ለእህቴ ልጆች በየወሩ እልካለሁ፣ ምን እንደሚበሉ ግን አላውቅም። እናት ከሌለች ማንም እንደ እናት አያይም።

የቧንቧ ውሃዋ፦ እህቴ፣ ወድጄ አይደለም እዚህ ያለሁት። እናቴ ጉልበቷን ታማለች፣ ጠዋት ምሳ ቋጥሪ አልላትም።

የሲያትሉ፦ እናትን መውቀስ ምን ያደርጋል? ትምህርት ቤቱ ክፍያ ይቀበላል አይደል፣ ኃላፊነቱንም ይውሰድ።

የሪያዷ፦ ወቀሳ አይደለም ወንድሜ። ከ20 ልጅ ጋር በአንድ ድስት ሲበላ ማን ይጠብቀዋል ነው የምለው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ እሺ፣ መርፌውንስ ማን ይያዝ? የክፍል አስተማሪዋ ወይስ የካፍቴሪያው ኃላፊ?