ሕክምና ወይስ ምርምር? ከምርጫ በፊት ምክር ፈለግን

ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንዲት በጣም ጎበዝ የቀድሞ ተማሪዬ ፍሬሽማን ልትጨርስ ነው። ውጤቷ ሕክምና ያስገባታል፤ እሷ ግን የትምህርቱን ርዝመት ፈርታ ወደ ባዮሎጂና ምርምር አዘንብላለች።

ዓመቱን አብረን ቆጠርነው። ሕክምና ከፍሬሽማንና ከኢንተርንሺፕ ጋር 7 ዓመት ገደማ ነው፤ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ 3 ሲጨመር 10። በምርምሩ በኩል ዲግሪ 4፣ ማስተርስ 2፣ ፒኤችዲ ቢያንስ 4፤ ይኸውም 10። ስለዚህ ርዝመቱ አይለያቸውም። የሚለያቸው መሐል ላይ ብታቆም የሚተርፋት ነው፦ በ7ኛው ዓመት ጠቅላላ ሐኪም ትሆናለች፤ በ4ኛው ዓመት ግን የራሷን ምርምር ገና አልጀመረችም። ደግሞም ሐኪም ኋላ ማስተርስ ይዞ ወደ ምርምር መግባት ይችላል፤ ከባዮሎጂ ወደ ሕክምና መሻገር ግን ብዙውን ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ይህ ወደ ሕክምና ይገፋኛል። ሆኖም የምትፈራው ዓመቱን ይሁን የሌሊት ተረኝነቱን መለየት አቃተኝ። ተረኝነቱ ከሆነ ስሌቴ አይረዳትም። ቤተ ሙከራም ቢሆን አንድ ፒሲአር እምቢ ብሎ ሳምንታት የሚፈጅበት ነው፤ ይህን ገና አላየችም።

ሁለቱን የምታውቁ፣ እባካችሁ፦ ክረምቱን በዎርድና በቤተ ሙከራ ብትከፍለው፣ በየትኛው ምን ብታስተውል ትለያለች? ለስንት ሳምንትስ?