የሚጎተቱ ካርዶች ሲለቀቁ እንዴት ይረፉ? ለጋራ ሐሳባችን ውይይት

አስተባባሪዋ፦ ሐዋሳ ያለን አባላት ለማኅበሩ በምናቀርበው ሐሳብ ውስጥ ያልተቋጨው የካርዶቹ እንቅስቃሴ ነው። ሁላችንም የየራሳችንን ቁጥር ስለምንጠቀም አንዱ መተግበሪያ ላይ ካርዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ላይ ያዘግማል። ካርዱን ወደ ማረፊያው ለሚመልሰው ሞላ ጥንካሬ 300፣ ውዝዋዜውን ለሚያረጋጋው ዳምፒንግ 20፣ ክብደት 1 ብለን እንድናጸድቅ አቀርባለሁ።

የዲዛይን ባለሙያው፦ ይህ ይወዛወዛል። ካርዱን 200 ፒክስል ጎትተን ሳንወረውር ብንለቀው ቦታውን 22 ፒክስል ያህል አልፎ ነው የሚመለሰው። በትዕዛዝ ዝርዝር ላይ ጎረቤቱን ካርድ ይነካል። ጥንካሬውን እንቀንስ።

ነባሯ ፕሮግራመር፦ መወዛወዙን በትክክል አይተኸዋል፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። ዳምፒንጉ 20 ሆኖ ውዝዋዜው ፈጽሞ የሚጠፋው ጥንካሬው 100 ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ካርዱ ጣትን ተከትሎ የሚመጣ አይመስልም። ጥንካሬው 300 ይቆይና ዳምፒንጉን 28 እናድርገው። የውዝዋዜው መጥፊያ 34.6 አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ሕይወት ይቀርለታል፤ ያው 200 ፒክስል ቢጎተት የሚያልፈው 3 ፒክስል አይሞላም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጣት የሚነሳበት ቅጽበት ነው። ካርዱ የነበረውን ፍጥነት ለሞላው ካላስረከብን፣ ተወርውሮ ሳለ ድንገት ቆሞ ከዜሮ ይነሳል፤ የትኛውም ዳምፒንግ ይህን አይሸፍንም። ፍጥነቱም በሰከንድ ይለካ። በሚሊሰከንድ የተለካውን እንዳለ ብንሰጠው ሺህ ጊዜ ስለሚያንስ ውርወራው ጨርሶ አይታይም።

የዓሣ ማዘዣ መተግበሪያ የሚሠራው አባል፦ እኔ ለአሞራ ገደል ዓሣ ሻጮች ነው የምሠራው። አሮጌ ስልክ ላይ ካርዱ እየተመለሰ ሳለ ጥሪ ከመጣ፣ ጥሪው ሲያልቅ ካርዱ ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል። ዳምፒንጉን 60 ባደርገው ይያዝልኛል?

ነባሯ ፕሮግራመር፦ አይያዝም፣ ወንድሜ፤ እንዲያውም ይብስብሃል። ጥፋቱ የጊዜው አቆጣጠር ላይ ነው። ስሌቱ ጥሪው የወሰደውን ጊዜ ሁሉ በአንድ እርምጃ ሊዘል ሲሞክር ኃይሉ ከልክ በላይ ይገዝፋል። እርምጃውን፣ ማለትም `h`ን፣ በ1/240 ሰከንድ ወስነው፤ የተጠራቀመውንም ጊዜ ቁረጠው። `x` ካርዱ ከማረፊያው ያለው ርቀት፣ `v` ፍጥነቱ፣ `k` ጥንካሬው፣ `c` ዳምፒንጉ፣ `m` ክብደቱ፣ `dt` ካለፈው ስሌት ወዲህ ያለፈው ጊዜ በሰከንድ ነው፦

```
pending += min(dt, 1/30)
while pending >= h:
    v += (-k*x - c*v) / m * h
    x += v * h
    pending -= h
```

ፍጥነቱ ከቦታው ቀድሞ ይሰላ፤ ቅደም ተከተሉን አትቀይረው።

የዲዛይን ባለሙያው፦ 28ን ተቀብያለሁ። ከማረፊያው ግማሽ ፒክስል ሲቀረው ይቁም ብለንስ እንጻፍ?

ነባሯ ፕሮግራመር፦ ርቀቱ ብቻ አይበቃም። ካርዱ ማረፊያውን በፍጥነት እያለፈ ሳለም ርቀቱ ዜሮ ነው፤ እዚያው ተይዞ ክው ይላል። ፍጥነቱም አብሮ መውረድ አለበት።

አስተባባሪዋ፦ 300 እና 28፣ የፍጥነት ርክክቡ፣ ቋሚው እርምጃና ባለሁለት መስፈርቱ ማቆሚያ ይገባሉ። በስልካቸው እንቅስቃሴ ይቀነስልን ብለው ለመረጡ ተጠቃሚዎች ካርዱ ያለ ሞላ ቦታው ይግባ የሚልም እጨምራለሁ። ስክሪኑን የሚሞሉ ትልልቅ ካርዶች ያው ቁጥር ይበቃቸው እንደሆነ አልተስማማንም፤ ዓሣ ሻጮቹ ስልክ ላይ ከተሞከረ በኋላ እንመለስበት።