ዳይሬክተራችንን ማንሳት አቃተን፤ መላ ያለው ይንገረን

ሰላም ወገኖች። ለንደን ውስጥ ሦስት ሆነን የከፈትነው ትንሽ የእንጀራ መጋገሪያ ኩባንያ አለን። እኔ 40 አክሲዮን አለኝ፣ ጓደኛዬ 30፣ ሦስተኛው 30። ሦስታችንም ዳይሬክተሮች ነን። ሦስተኛው ግን ከኩባንያው ሒሳብ ለራሱ ገንዘብ ማውጣት ከጀመረ ከረመ።

መጀመሪያ ሁለታችን ወረቀት ላይ ፈርመን አነሳነው። ለካ አይሠራም! በ2006ቱ የእንግሊዝ የኩባንያዎች ሕግ፣ ዳይሬክተርን ከዘመኑ በፊት ለማንሳት የግድ የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ያስፈልጋል። ከስብሰባው ቢያንስ 28 ቀን ቀድሞ ልዩ ማስታወቂያ ይሰጣል። እሱም የመናገር መብት አለው።

ይሁን ብለን ስብሰባ ልንጠራ ስንል መተዳደሪያ ደንባችንን አነበብኩት። ዳይሬክተር ይነሳ ሲባል፣ በዚያ ድምፅ ላይ የራሱ አክሲዮን በሦስት ይባዛል ይላል። የእሱ 30 ድምፅ 90 ሆነ፤ የእኛ 70 ነው። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1970 በቡሼልና በፌይዝ የፍርድ ቤት ክርክር ተቀብሎታል። ደንቡን እንቀይር ብንል 75 በመቶ ይፈልጋል። አምስት ጎደለን።

ፍርድ ቤት ከዳይሬክተርነት ቢያግደው የእኛ ድምፅ አያስፈልግም ነበር። ግን ይህ በአብዛኛው ኩባንያ ከከሰረ በኋላ በመንግሥት አቤቱታ የሚመጣ ነው። እኛ አልከሰርንም፤ እስክንከስርም መጠበቅ አንፈልግም።

ቦርዱ ላይ ሁለት ለአንድ ነን። ዳይሬክተርነቱ ሳይነካ፣ የባንክ ፊርማውን ብቻ በቦርድ ውሳኔ ልንወስድበት እንችላለን? የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ ይጻፍልን።